ተፈልጎ የማይገኝ አማርኛ

የመመረቂያ ጽሑፍ የመጨረሻ ቅጂ በፒዲኤፍ ሲገባ የሚጠየቀው ዝርዝር ብዙ ተመራቂ ያናድዳል። የግራ ኅዳጉ 1.5 ኢንች፣ የሌላው 1 ኢንች ይሁን፤ የማጽደቂያው ገጽ ከምስጋናው ይቅደም፤ ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ ይካተት። «ሁለት ዓመት ለፍቼ በኅዳግ ይመልሱኛል?» የሚል ምሬት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ከእነዚህ ሕጎች አንዱ፣ የፎንቱ፣ ጭራሽ ላልቷል ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ከሥራዬ ተነስቼ ነው። በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ። ስለ አንድ ወረዳ ልጽፍ ስነሳ መጀመሪያ የማስሰው እዚያ የተሠራ የማስተርስ ጥናት ነው። ከአንዴም ሁለቴ የገጠመኝ ታዲያ ይህ ነው፦ የእንግሊዝኛው ትንተና ደህና ይነበባል፤ ሰዎቹ በአማርኛ የተናገሩት ወደሰፈረበት አባሪ ስደርስ ግን ገጹ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ትርምስ ነው። የተመራማሪው ማጠቃለያ አለ፤ የተናጋሪዎቹ ቃል የለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚፈጠር ቀረብ ብዬ ያየሁት በአክስቴ ልጅ ጽሑፍ ነው። ጥናቷ ስለ አንድ ከተማ የውሃ እጥረት ነው። ቃለ መጠይቆቹን ጽሕፈት ቤት አስተይባ ዘጠኝ ገጽ አባሪ አድርጋቸዋለች። ፋይሉ «አባሪው አይነበብም» ተብሎ ተመለሰ። በእሷ ላፕቶፕ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ፒዲኤፍ ጽሑፍን የሚይዘው እንደ ፎቶ አይደለም። የፊደሎቹን መለያ ቁጥር ይይዛል፤ ቅርጻቸውን የሚያመጣው ፎንቱ ነው። ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ ከሌለ፣ የሚከፍተው ኮምፒውተር ካለው ፎንት ያመቸውን ይተካል። የእሷ ላፕቶፕ ፎንቱ ተጭኖበታል፤ የቤተ መጻሕፍቱ አልተጫነበትም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፋይሉን በ Adobe Reader ከፍታችሁ `Ctrl+D` ስትጫኑ የሚመጣው መስኮት ላይ `Fonts` የሚለውን ክፈቱ። ከእያንዳንዱ ፎንት ጎን `Embedded` ወይም `Embedded Subset` መባል አለበት። በእሷ ፋይል ላይ ከ `Times New Roman` ጎን አለ። ከአማርኛው ፎንት ጎን ግን ምንም የለም።

ዎርዱን ከፍተን በ `Save As` ፒዲኤፍ መርጠን፣ `Options` ውስጥ `PDF/A` የሚለውን ምልክት አድርገን እንደገና አወጣነው። ይህ ከ2005 ጀምሮ ያለ፣ ሰነድ ለረጅም ዘመን እንዲቀመጥ የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ ፎንት ሁሉ በፋይሉ ውስጥ እንዲካተት ያስገድዳል። በሌላ ኮምፒውተር ስንከፍተው አማርኛው ተመልሷል። «ተነበበ እኮ! በቃ ልላከው» አለች።

አንድ ፈተና ቀርቶ ነበር። «ውሃ» የሚለውን ቃል ከአባሪው ኮፒ አድርጌ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። የወጣው የላቲን ትርምስ ነው። በፋይሉ ውስጥ «ውሃ» ብለን ስንፈልግም አንድም አልተገኘም፤ ስለ ውሃ በሚያወራ አባሪ ውስጥ!

ጽሕፈት ቤቱ የተጠቀመው የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ፣ ማለትም ከ1999 በፊት በነበረው አሠራር የተሠራ ፎንት ነው። እነዚህ ፎንቶች የእኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ዓይን «ውሃ» ያያል፤ ማሽኑ የሚያውቀው ላቲን ነው። ፎንቱን ማካተት ቅርጹን ይመልሳል እንጂ ፊደሉን አይመልስም። የፎንቱን ስም ወደ `Nyala` መቀየርም አይበቃም፤ ያኔ ትርምሱ ገሃድ ይወጣል። ስለዚህ ዘጠኙን ገጽ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብላ በዩኒኮድ እንደገና ተየበችው። ሦስተኛው ፋይል ላይ «ውሃ» ተፈልጎ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ድካም በአንድ የስካነር ቁልፍ ገደል ሊገባም ይችላል። አንዳንዱ ፊርማ ያለበትን ገጽ ለማስገባት ሲል የታተመውን ጥራዝ በሙሉ ስካን ያደርጋል። ያኔ ገጹ ሁሉ ምስል ይሆናል፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውም አይፈለግም። ስካን መደረግ ያለበት የማጽደቂያው ገጽ ብቻ ነው። በባዶው ምትክ በቦታው ሲገባ የሮማን ቁጥሩም ከማውጫው ጋር አይጋጭም።

ቅሬታዬ እንግዲህ ይህ ነው። ሁለተኛው ፋይል የፎንቱን ሕግ ያሟላ ነበር፤ ቢላክ ኖሮ ያልፍ ነበር። ስለዚህ የሚረከበው ሰው ፎንቱ መካተቱን ካየ በኋላ ከአባሪው አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ይለጥፍ። አማርኛ ሆኖ ካልወጣ ይመልሰው። ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ተመራቂው ለሁለት ሌሊት ይበሳጭ ይሆናል፤ ጀሪካን ይዛ የተሰለፈችው ሴት የተናገረችው ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ለሚፈልገው ይገኛል።