«እኔ ጋ ይሠራል» የተባለው ሊንክ

በቴስተርነት ሥራዬ ከጻፍኳቸው የባግ ሪፖርቶች ሁሉ አንዱ ዛሬም ይቆጨኛል። ሙሉ ቃሉ እንዲህ ነበር፦ «የይለፍ ቃል መቀየሪያው ሊንክ አይሠራም። እባክህ እየው።» ዴቨሎፐሩ አስር ደቂቃ ሳይሞላ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ቲኬቱን ዘጋው። ያን ቀን በጣም ተናድጄበት ነበር። ሰውዬው ግን አልዋሸም፤ እውነትም እሱ ጋ ይሠራ ነበር።

መተግበሪያው የቁጠባ ነው። ደንበኛው የይለፍ ቃሉን ሲረሳ ኢሜይሉን ያስገባል፣ ሊንክ ይላክለታል፣ ከፍቶ አዲስ የይለፍ ቃል ያወጣል። ሊንኩ የሚያገለግለው ለ1 ሰዓት ነው። ደንበኞች ግን ሊንኩ በደረሳቸው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከፍተውት «ይህ ሊንክ ጊዜው አልፎበታል» የሚል መልስ ያገኙ ነበር። አንድ አባት ደውለው «ልጄ፣ አሁን ገና ነው እኮ የላካችሁልኝ፤ መቼ አለፈበት?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እንደገና እንዲሞክሩ ነገርኳቸው። ሁለተኛውም እምቢ አለ፤ ሦስተኛው ተከፈተላቸው።

ያ መልእክት ስለ ጊዜ ስለሚያወራ እኔም ጊዜን ነበር ያሳደድኩት። ሰርቨሩ የሚሠራው በዩቲሲ ነው፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። የማብቂያው ሰዓት በዩቲሲ ተጽፎ ከአዲስ አበባ ሰዓት ጋር ከተነጻጸረ፣ የ1 ሰዓት ሊንክ ገና ሲወለድ የሞተ ነው። አሳማኝ ግምት ነበር፤ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ያቆመኝ የእኚያ አባት ሦስተኛ ሊንክ ነው። የሰዓት ስህተት ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ሊንክ እኩል ይገድል ነበር እንጂ አንዱን መትቶ አንዱን አይምርም። ስለዚህ ችግሩ ያለው ሊንኮቹ ሁሉ በሚጋሩት ነገር ላይ ሳይሆን አንዱን ሊንክ ከሌላው በሚለየው ነገር ላይ ነው። አንዱን ሊንክ ከሌላው የሚለየው ደግሞ ቶክኑ ብቻ ነው፤ ማለትም ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በዘፈቀደ የሚያወጣው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር።

በመሞከሪያ አካውንት ሃያ ሊንክ አስላክኩ። በአንድ ስልክ፣ በአንድ ብራውዘር፣ እያንዳንዱን በደረሰ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከፈትኩት። አስራ አንዱ ተከፈቱ፣ ዘጠኙ «ጊዜው አልፎበታል» አሉ። ከዚያ የተከፈቱትን በአንድ ወገን፣ ያልተከፈቱትን በሌላ ወገን አድርጌ ሙሉ አድራሻቸውን ደረደርኩ። ከሁለቱ ወገን አንድ አንድ፣ ጫፋቸው ተቆርጦ፣ እነሆ፦

```
/reset?token=Jd8sK/2vQe...   ተከፈተ
/reset?token=Ht4n+Z0cRk...   አልተከፈተም
```

ያልተከፈቱት ዘጠኙም ውስጥ የመደመር ምልክት አለ። ከተከፈቱት አስራ አንዱ ውስጥ አንዱም የለውም።

ሁለተኛውን ሪፖርት የጻፍኩት ያኔ ነው። ርዕሱን «ቶክኑ ውስጥ + ያለበት የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ አይከፈትም» አልኩት። ከሥሩ አካሄዴን ከነስልኩና ከነብራውዘሩ ጻፍኩ፤ ምን ጠብቄ ምን እንዳገኘሁ፣ ከሃያው ስንቱ እንደወደቀ አሰፈርኩ፤ የሃያውን ሊንክ ሰንጠረዥ አያያዝኩ። አንድ ነገር ግን ተጠንቅቄያለሁ። ያልተጠቀሙበት የመቀየሪያ ሊንክ ቁልፍ ነው፤ በእጁ ያስገባው ሰው አካውንቱን ይከፍታል። የእኚያን አባት ሊንክ ከሪፖርቱ ጋር አላያያዝኩም። ያያዝኳቸው የመሞከሪያ አካውንቱ ሊንኮች ብቻ ናቸው፤ እነሱም የ1 ሰዓት ዕድሜያቸው ካለቀ በኋላ።

በዚህ ጊዜ ዴቨሎፐሩ አልጻፈልኝም፤ ተነሥቶ ወንበሩን ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ምክንያቱን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም። ቶክኑ 32 ባይት ነው፤ ወደ ጽሑፍ የሚቀየረው በቤዝ 64 ነው። ቤዝ 64 ከሚጠቀምባቸው 64 ምልክቶች አንዱ መደመር ነው። በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ግን ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ የሚመጣን መደመር አብዛኛው ሰርቨር ባዶ ቦታ ብሎ ያነበዋል፤ ከድሮ ጀምሮ በድረ ገጽ ቅጾች ክፍተት የሚጻፈው በመደመር ስለሆነ። እኛ `Ht4n+Z0cRk` ብለን የላክነውን ሰርቨሩ `Ht4n Z0cRk` ብሎ ይቀበለዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሃሽ ነገር ነው። ዳታቤዙ ቶክኑን እንዳለ አያስቀምጥም፤ ሃሹን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ይህም ትክክለኛ አሠራር ነው። ከቶክኑ አንዲት ምልክት ከተቀየረች ግን ሃሹ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ ተፈልጎ አይገኝም። ኮዱ ደግሞ «አልተገኘም»ን እና «ጊዜው አልፏል»ን በአንድ መልእክት ነበር የሚመልሳቸው። ግማሽ ቀን ያባከነብኝ ይህ ነው። ለደንበኛው አንድ መልእክት ማሳየት ችግር የለውም፤ እንዲያውም ለሚሰርቅ ሰው ፍንጭ አይሰጥም። መልእክቱ ግን ቢያንስ «ሊንኩ ልክ አይደለም ወይም ጊዜው አልፎበታል» ማለት አለበት፤ በሰርቨሩ ሎግ ላይ ደግሞ ሁለቱ ተለያይተው መጻፍ አለባቸው።

ታዲያ እሱ ጋ እንዴት ሠራ? 32 ባይት በቤዝ 64 ሲጻፍ መደመር ሊገባባቸው የሚችሉ 42 ቦታዎች አሉ። ሲሰላ ከመቶ ቶክን 48 ገደማ የሚሆነው ቢያንስ አንድ መደመር ይይዛል። አንድ ጊዜ ሞክሮ የተወ ሰው ከግማሽ በላይ ዕድል አለው፤ ይሠራለታል። አውቶማቲክ ቴስቱም ቢሆን ቶክኑን በጄሰን ነበር የሚልከው። ጄሰን መደመርን አይነካም፤ ቴስቱ ሺህ ጊዜ ቢሮጥ ሺህ ጊዜ ያልፋል። በአድራሻ በኩል የሚያልፈው ደንበኛው ብቻ ነበር።

ዴቨሎፐሩ መጀመሪያ ያመጣው መፍትሔ ሰርቨሩ ላይ ክፍተቱን መልሶ ወደ መደመር የሚቀይር አንድ መስመር ነበር። ቲኬቱን መልሼ ከፈትኩት። ለዚያች 1 ሰዓት፣ አስቀድመው ለወጡት ሊንኮች ጥሩ ነው። ሊንኩ ግን አሁንም በመንገድ ላይ ሊበላሽ የሚችል ምልክት ይዞ ይወጣል፤ ነገ ቶክኑን የሚያነብ ሌላ ገጽ ሲጻፍ ያችን መስመር ማንም አያስታውሳትም። ትንሽ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ተስማማን። በ2006 የወጣው አርኤፍሲ 4648 ለአድራሻ የሚሆን የቤዝ 64 ዓይነት ደንግጓል፤ መደመሩ በሰረዝ፣ ስላሹ በታች ሰረዝ ይተካል። በኛ ኮድ ለውጡ የአንድ ቃል ነበር፦

```
randomBytes(32).toString('base64')     // የነበረው
randomBytes(32).toString('base64url')  // የተተካው
```

ቴስቱንም ቀየርነው፤ አሁን ሊንኩን እንደ ደንበኛው ከኢሜይሉ አንሥቶ በአድራሻው ይከፍታል። መቶ ሊንክ አስላክኩ፤ መቶውም ተከፈቱ። ለእኚያ አባት ደውዬ ምክንያቱን ነገርኳቸው።

በመሥሪያ ቤታችሁ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ካለ፣ ነገ ጠዋት በመሞከሪያ አካውንት አስር ሊንክ አስልኩና ቶክናቸውን በዓይናችሁ እዩ። እንደኛው ያለ ቶክን ከሆነ አስር ይበቃል፤ ከአስሩ አንዱም መደመር የማይዝበት አጋጣሚ ከሺህ አንድ ገደማ ነው። መደመሩን ካያችሁት ያን ሊንክ ክፈቱት፤ እምቢ ካለ ከተከፈተው ሊንክ ጎን አስቀምጣችሁ ለዴቨሎፐሩ ላኩለት።