የምረቃው ፈቃድ

የእህቴን የምረቃ ፎቶ ካያችሁ በኋላ «ቲቸር፣ በትምህርት ወቅት ከሰቆጣ ጣሊያን ድረስ እንዴት ፈቀዱልዎት?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ።

ደብዳቤዬ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። አባታችን ካረፈ ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እሱን ልጻፍ ብል ሦስት ገጽም አይበቃኝ። ርዕሰ መምህሩ የሚወስነው ግን ስለ ክፍለ ጊዜዬ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት፦ «ተመራቂዋ ያሳደግኳት እህቴ ስትሆን፣ ከቤተሰብ መገኘት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።»

ቀጥሎ ለምን ክረምት እስኪገባ እንደማይጠበቅ ገለጽኩ። ጣሊያን ውስጥ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያቀርበውም የሚመረቀውም በዚያው ዕለት ነው፤ ካለፈ አለፈ።

ከዚያ ቀኑን ቁርጥ አድርጌ ጻፍኩ፦ «ከመጋቢት 8 እስከ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ 7 የሥራ ቀናት፤ መጋቢት 17 ሥራ እገባለሁ።» ፈቃዱ ለቪዛም ስለሚቀርብ በፈረንጆቹ ከማርች 17 እስከ 25 ቀን 2025 ብዬ ጨመርኩበት። ኤምባሲ የእኛን ቀን ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጋር ሲያመሳክር እንዳይምታታ ነው። ቪዛው ካልተሰጠኝ ፈቃዱ እንዲሰረዝም ጠየቅኩ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ሠንጠረዥ አያያዝኩ። የትኛውን ክፍል ማን እንደሚሸፍንልኝ፣ እኔም መቼ እንደማካክስለት ይላል፤ ባልደረቦቼ ፈርመውበታል። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን አየት አድርጎ፣ ሠንጠረዡን ደጋግሞ አንብቦ ፈረመ።

ለእህቴ የምለውን ሁሉ እዚያው ደርሼ ነገርኳት።