“ኢንደምኒፋይ” ካሳ አይደለም

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአቅርቦት ውል እጁ የገባ ትንሽ አስመጪ መጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ አከፋፈሉን፣ ከዚያ ዕቃው መቼ ጅቡቲ እንደሚደርስ። ከአሥረኛው አንቀጽ ወዲያ ያለውን ግን “የጠበቆች ነገር ነው” ብሎ ያልፈዋል። ጉዱ ያለው እዚያው ነው። ኢንደምኒፋይ፣ ሆልድ ሃርምለስ እና ሊሚቴሽን ኦፍ ላያቢሊቲ የሚባሉት ቃላት በየውሉ ስለሚደጋገሙ እንደ ማሳረጊያ ይታያሉ። ሥራቸው ግን ዕቃው ሰው ቤት ገብቶ ጉዳት ቢያደርስ ከማን ኪስ እንደሚከፈል መወሰን ነው።

መርካቶ ውስጥ የቧንቧና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ለዓመታት ከሌሎች አስመጪዎች እየተረከበ ሲሸጥ ኖሮ አሁን በራሱ ስም ሊያስመጣ ተነሥቷል። ዱባይ ካለ አቅራቢ ጋር በ600 የኤሌክትሪክ ቦይለር ተስማማ፤ አንዱ 80 ዶላር፣ ጠቅላላው 48,000 ዶላር። ለባንክ የሚቀርበው ፕሮፎርማ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ከግርጌው ግን በደቃቅ ፊደል “የአቅራቢው አጠቃላይ የሽያጭ ሁኔታዎች የዚህ ስምምነት አካል ናቸው” የሚል መስመር ሰፍሯል። እነዚያ “ሁኔታዎች” 14 ገጽ ሆነው በኢሜይል መጡ። ብዙ አስመጪ ይህን አባሪ ሳይከፍተው ፕሮፎርማውን ይፈርማል። እሱ ግን ትርጉም ቤት ወሰደው።

ትርጉም ቤቱ አንቀጽ 11ን “ገዢው ለአቅራቢው ካሳ ይከፍላል፣ ከጉዳትም ነፃ አድርጎ ይይዘዋል” ብሎ መለሰለት። አንቀጽ 12ን ደግሞ “የአቅራቢው ኃላፊነት የተገደበ ነው” አለው። ነጋዴው አልደነገጠም። ካሳ የሚከፍለው ያጠፋ ሰው ነው፤ እሱ ቦይለር አይሠራም፣ ምን ሊያጠፋ ይችላል? ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ለእህቱ ልጅ ያሳያት ጠበቃ ስለሆነች ብቻ ነበር።

“ጋሼ፣ እዚህ ላይ ካሳ የሚለውን ቃል እርሳው” አለችው። “ካሳ ስትል አጥፊ ትፈልጋለህ። ይሄ አንቀጽ አጥፊ አይፈልግም።”

ልክ ናት። በአማርኛ ካሳ ሲባል በዳይና ተበዳይ አብረው ይታሰባሉ። ኢንደምኒፋይ የሚለው ቃል በእንግሊዝ ሕግ የሚሸከመው ሌላ ነገር ነው፤ “በዚህ ጉዳይ ምክንያት ከኪስህ የሚወጣውን ገንዘብ እኔ እተካልሃለሁ” የሚል ቃል ኪዳን። ቃል የገባው ሰው ውል ባያፈርስም፣ ቸልተኛ ባይሆንም፣ አንቀጹ የጠቀሰው ነገር ከደረሰ ይከፍላል። ከእኛ ቃላት ዋስ የሚለው ይቀርበው ይመስላል፤ እሱም ቢሆን በትክክል አይገጥምም። የዋስ ግዴታ በሌላ ሰው ዕዳ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ኢንደምኒፋይ ያለ ሰው ግን ራሱ የመጀመሪያው ባለዕዳ ነው።

ስለዚህ በዚህ ቃል ፊት ዋናው ጥያቄ “ማን አጠፋ” ሳይሆን “ለምን ነገር ቃል ገባሁ” የሚለው ነው። በነጋዴው ውል አንቀጽ 11 “ከምርቶቹ፣ ከሽያጫቸው ወይም ከአጠቃቀማቸው ለሚነሳ ወይም ከእነሱ ጋር ለተያያዘ ማናቸውም የሦስተኛ ወገን ጥያቄ” ይላል። “ለተያያዘ” የሚለው ቃል በጣም ሰፊ ነው፤ የፋብሪካው ስህተትም ውስጡ ሊገባ ይችላል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች አንድ ሰው ለራሱ ቸልተኝነት በሌላው ኪስ እንዲሸፈን ውሉ በግልጽ መናገር አለበት የሚል የቆየ አመለካከት አላቸው። የአቅራቢዎች ጠበቆችም ይህን ስለሚያውቁ አንድ ሐረግ ይጨምራሉ፦ “በአቅራቢው ቸልተኝነት የተከሰተ ቢሆንም ባይሆንም”። በነጋዴው ውል ውስጥ ይህ ሐረግ ነበር። ትርጉም ቤቱ ዘሎታል፤ ምናልባት ማንም እንዲህ ያለ ነገር አይፈርምም ብሎ ይሆናል።

ሆልድ ሃርምለስ በአማርኛ “ከጉዳት ነፃ አድርጎ መያዝ” ሲባል ምርቃት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ከኢንደምኒፋይ ጋር ተጣምሮ ስለሚመጣ እንደ ድግግሞሽ ይታያል፤ አንዳንዴም ድግግሞሽ ብቻ ነው። ግን ሌላ ሥራ ሊኖረው ይችላል። ስኮትላንድ ውስጥ ፒተርሄድ ወደብ ላይ በተቃጠለ መርከብ የተነሳ ፋርስታድ እና ኤንቫይሮኮ የተባሉ ኩባንያዎች ተካሰው ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2010 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የመርከቡ ባለቤት ለተከራዩ “እከላከልልሃለሁ፣ ኢንደምኒፋይ አደርግሃለሁ፣ ሆልድ ሃርምለስ አደርግሃለሁ” የሚል ውል ፈርሟል። ፍርድ ቤቱ እነዚህ ቃላት ሌላ ሰው የሚያነሳውን ጥያቄ ከመሸፈን አልፈው ባለቤቱ ራሱ ለመርከቡ ጉዳት ተከራዩን እንዳይጠይቅ ይከለክላሉ ብሎ ወሰነ። ወደ ቦይለሩ ሲመለስ፣ አንቀጹ በሰፊው ከተጻፈ ነጋዴው ለአቅራቢው ሊከፍል ብቻ ሳይሆን የራሱንም ኪሳራ ከአቅራቢው ላይጠይቅ ቃል እየገባ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው የኃላፊነት ገደብ ነው። ይህ ጣሪያ ነው። አንቀጽ 12 “የአቅራቢው ጠቅላላ ኃላፊነት ጉድለት ለተገኘበት ምርት ከተከፈለው ዋጋ አይበልጥም” ይላል፤ ቀጥሎም የትርፍ መቅረትንና ተከታይ ኪሳራን ጨርሶ ያወጣል። ነጋዴው “የተገደበ ነው” የሚለውን ሲያነብ ገደቡ ለሁለቱም መስሎት ነበር። አይደለም። አንቀጹ የሚናገረው ስለ አቅራቢው ብቻ ነው። ገዢው በአንቀጽ 11 ለገባው ቃል ጣሪያ የለውም።

የእህቱ ልጅ ወረቀት አውጥታ ሂሳቡን አሳየችው። ሁለት ቦይለሮች የሙቀት መቆጣጠሪያቸው ተበላሽቶ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት እሳት አስነሱ እንበል። የቤቱና የዕቃው ጉዳት በዶላር ሲመታ 25,000 ነው። በአገራችን የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ተጎጂው በአቅርቦቱ ሰንሰለት ያሉትን፣ አስመጪውን ጨምሮ፣ በአንድነትም ሆነ በተናጠል ሊጠይቅ ይችላል። ዱባይ ያለውን ከመፈለግ መርካቶ ያለውን መክሰስ ይቀለዋል። ነጋዴው 25,000 ከፈለ። ወደ አቅራቢው ሲዞር አንቀጽ 12 የሁለቱን ቦይለር ዋጋ፣ 160 ዶላር፣ ያሳየዋል። ለዚያውም አንቀጽ 11 ይህንኑ ካልከለከለው ነው። ተጎጂው አቅራቢውንም ጨምሮ ከሶ ቢሆንና አቅራቢው ለጠበቃ 9,000 ዶላር ቢያወጣ ደግሞ ያም ወደ ነጋዴው ይመጣል። 34,000 ዶላር ይወጣል፣ ቢበዛ 160 ይገባል። ቦይለሩን የሠራውም የሸጠለትም ሰው ምንም አልከፈለም ለማለት ትንሽ ነው የቀረው።

“ይሄ እኮ ግፍ ነው፣ የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያለውን ይፈቅዳል?” አላት።

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። እንግሊዝ ተገቢ ያልሆኑ የውል ቃላትን የሚቆጣጠር የ1977 ሕግ አላት፤ በአገር ውስጥ ንግድ የኃላፊነት ገደብ ምክንያታዊ መሆኑ በፍርድ ቤት ሊመረመር ይችላል። ግን የዚያው ሕግ አንቀጽ 26 ዓለም አቀፍ የአቅርቦት ውሎችን ከዚህ ቁጥጥር ያወጣል። ሻጩና ገዢው የንግድ ቦታቸው በተለያየ አገር ከሆነና ዕቃው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚጓዝ ከሆነ የምክንያታዊነት ምርመራው አይደርስላቸውም። ዱባይና መርካቶ እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። ውሉ “በእንግሊዝ ሕግ ይዳኛል፣ ክርክሩም ለንደን በግልግል ይታያል” ሲል ነጋዴው ያገኘው የለንደንን ጥበቃ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ቃል ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 የኒውዮርክ ስምምነትን ስለተቀላቀለች ለንደን የተሰጠ የግልግል ውሳኔ አዲስ አበባ ባለ ንብረት ላይ የሚፈጸምበት መንገድ አለ። “እዚያ ቢፈርዱብኝ ምን ያመጣሉ” የሚለው ቀልድ አሁን አያዋጣም።

ትንሽ አስመጪ “እነሱ ውላቸውን ለእኔ ብለው አይቀይሩም” ይላል። ሙሉውን አይቀይሩም፤ ጥቂት ቃላት ግን ይቀይራሉ፣ በተለይ ቅድሚያ ክፍያው ገና ካልተላከ። ነጋዴው በእህቱ ልጅ አማካይነት የጠየቀው ይህን ነበር። አንቀጽ 11 ለሁለት ይከፈል፤ ጉዳቱ ከአመራረት፣ ከንድፍ ወይም ከማሸጊያ ጉድለት የመጣ ከሆነ አቅራቢው ይተካ፣ ከነጋዴው አቀማመጥ፣ ገጠማ ወይም ለደንበኛው ከሰጠው የተሳሳተ መረጃ የመጣ ከሆነ ነጋዴው ይተካ። “በአቅራቢው ቸልተኝነት ቢሆንም ባይሆንም” የሚለው ይውጣ። ጣሪያው በአንድ ቦይለር ዋጋ ሳይሆን በጠቅላላው የውል ዋጋ፣ በ48,000 ዶላር፣ ይሁን፤ ለሁለቱም ወገን ይሥራ፣ አንቀጽ 11ንም እንደሚሸፍን በግልጽ ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ቸል ይባላል። ጣሪያው ኢንደምኒፋይ የሚለውን ግዴታ ይጨምር አይጨምር ውሉ ዝም ካለ ክርክር ይነሳል፤ ክርክሩም ለንደን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩበት። የሚተካው ወገን ጥያቄው በቀረበ በ14 ቀን እንዲነገረው፣ ያለ እሱ ፈቃድም ማንም እንዳይታረቅ። ያለዚህ አንዱ በሌላው ገንዘብ ለጋስ ይሆናል።

አቅራቢው ከአራት ቀን በኋላ መለሰ። አንቀጽ 11 መከፈሉን ተቀበለ፣ የቸልተኝነቱን ሐረግ አወጣ፣ ጣሪያውን ወደ ውሉ ዋጋ ከፍ አደረገ። የትርፍ መቅረትን አልከፍልም በሚለው ግን ጸና። ነጋዴው ይህን ተቀበለ፤ የቀረ ትርፍ ያናድዳል እንጂ ቤት አያሸጥም። በአዲሱ ቃል የሐዋሳው እሳት ቢደርስና ጉድለቱ የፋብሪካው መሆኑ ቢረጋገጥ 25,000ው ከጣሪያው በታች ስለሆነ ሊመለስለት ይችላል። ለዚያ ግን የተቃጠለው ቦይለር መለያ ቁጥርና የባለሙያ ምርመራ በእጁ መኖር አለበት፤ ስለዚህ በየደረሰኙ ላይ የቦይለሩን ቁጥር መጻፍ ጀመረ።

ለቀረው ስጋት ኢንሹራንስ ሊገባ አሰበ። የእህቱ ልጅ መድን ድርጅቱ በሰጠው ናሙና ፖሊሲ ውስጥ የማይሸፈኑትን ዝርዝር ከፍታ በጣቷ አሳየችው። በእንዲህ ያለ ፖሊሲ ላይ የተለመደው ማግለያ ነበር፦ መድን ገቢው ሕግ ከሚጥልበት በላይ በውል በፈቃዱ የወሰደው ኃላፊነት አይሸፈንም። አሮጌውን አንቀጽ 11 ፈርሞ ቢሆን ኖሮ የአቅራቢው 9,000 ዶላር የጠበቃ ሂሳብ የሚወድቀው እዚህ ማግለያ ውስጥ ነበር።