የነጥብ ግጥም፦ ከኅዳር ማስታወሻ

ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሚዛን

ጠዋት ጉም። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው የማዶው ዛፍ የታየው። ክፍሉ ሳሳ ብሏል። የቡና ለቀማ ነው፤ ማንን መቆጣት ይቻላል?

የሰባተኛ ክፍልን ደብተር አረምኩ። ነገሩ ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ገጹ እስኪያልቅ አንድም ምልክት አያደርግም። አንዳንዱ የደብተሩ መስመር ባለቀ ቁጥር አራት ነጥብ ያስቀምጣል፤ ቃሉ ለሁለት ቢሰበርም ግድ የለውም። ሌሎቹ ደግሞ አንዲት ነጥብ ብቻ። እነዚህን እረዳቸዋለሁ። እንግሊዝኛው በዚያች ነጥብ ነው የሚያበቃው፤ ቤንችኛውም በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ እንደዚያው።

የሥርዓተ ነጥብ ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ስማቸውን ብጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጠራዋል። የት እንደሚገቡ ብጠይቅ ዝምታ።

ኅዳር 3

ግጥም ልጻፍላቸው? ዘፈን አንዴ ሰምተው ይይዛሉ። ከመብራት መጥፋት በፊት ይህቺን ሞከርኩ፦

ትንፋሽህ ሲያጥርህ ነጠላ ሰረዝ ጣል፣
ሐሳብህ ሲሞላ አራት ነጥብ ይዋል።

ቤቱ ይመታል። አፍ ላይም ደስ ይላል። ግን «ሐሳብ ሲሞላ» ማለት ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምን ማለት ነው? ለእኔስ?

ኅዳር 5

ማታ ዘንቦ ነበር። መንገዱ ጭቃ።

ስለ ግጥሙ በመምህራን ማረፊያ ሳወራ የእንግሊዝኛው መምህር ሳቀ። እነሱም አላቸው አሉ፣ ያውም የቆየ። ሴሲል ሃርትሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1818 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥርዓተ ነጥብ መጽሐፍ ውስጥ ደንቡን በግጥም አስቀምጦታል። ለኮማ አንድ ቆጥረህ እረፍ፣ ለሴሚኮለን ሁለት፣ ለኮለን ሦስት፣ ለፉል ስቶፕ አራት። ሁሉም በትንፋሽ ልክ።

የእኔም ስንኝ እሱው ነው። ትንፋሽ። ጮክ ብሎ ለሚያነብ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ጽሑፉ ቀድሞ ነጥብ አለውና። የሚጽፍ ልጅ ግን የሚተነፍሰው ሲደክመው ነው።

ኅዳር 6

የትንፋሹን ስንኝ አስዘመርኳቸው። ከዚያ ያለ ምንም ምልክት ይህን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦

እናቴ ቡናውን ለቅማ መጣች አባቴ አልጋው ላይ አሰጣው ዝናብ መጣ ላስቲክ ሸራ እና ገመድ ይዘን ሮጥን

«ለቅማ» ላይ ብዙዎቹ አራት ነጥብ አደረጉ። «ይዘን» ላይም እንዲሁ። ለምን ብዬ ጠየቅኩ።

«ቲቸር፣ እዚያ ጋ ተነፈስኩ» አለች አንዷ።

ትክክል ናት። እንዳዘዝኳት ነው ያደረገችው። እዚያ ጋ ድምፃችን ያርፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አላበቃም። ስንኙ ይጣላል።

ኅዳር 9

ፀሐይ። በየደጁ ቡናው አልጋ ላይ ወጥቷል፤ መንደሩ በሙሉ የእሸት ቡና ሽታ ነው።

ትንፋሹን ትቼ ግሡን ብይዝስ? የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚታሰረው መጨረሻው ላይ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ ከመጣ አለቀ፤ ካልመጣ አላለቀም። ይህ በጣት የሚነካ ነገር ነው። «ለቅማ» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ተከታዩን ይጠብቃል። «መጣች» ያስራል። «መጥቶ» አያስርም፤ «መጥቷል» ያስራል። «ስትመጣ»፣ «ከመጣች»፣ «የመጣች»፣ ፊታቸው ላይ ስ፣ ከ ወይም የ ስለተጨመረ አያስሩም።

አንዱን ልጅ በቤንችኛ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ግሡ የቱ ነው አልኩት። የመጨረሻውን ቃል አሳየኝ። እንግዲህ ደንቡ ለእነሱ እንግዳ አይደለም። ቤታቸው የሚያወሩትም ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። እንግዳው እንግሊዝኛው ነው።

ኅዳር 10፣ ማታ

በሻማ። አዲሱ ስንኝ፦

«መጥቶ» ላይ አትቁሙ ገና አልታሰረም
ማሰሪያ ከሌለ አራት ነጥብ የለም

የወል ቤት ነው፤ ስድስት ስድስት። መጀመሪያ «አትቁም» ብዬ ነበር፣ ለወንድ ልጅ። ክፍሉ ደግሞ በለቀማ ሰሞን አብዛኛው ሴት ነው። «አትቁሙ» ሲሆን ሁሉንም ያዘ፣ የጎደለችውንም ቀለም ሞላ።

ፊደል በመቁጠር አይሆንም። «አራት ነጥብ የለም» ዘጠኝ ፊደል ነው፤ ሲባል ግን አ-ራት-ነ-ጥብ-የ-ለም፣ ስድስት። ሳድሶቹ ከጎረቤታቸው ጋር ይዋጣሉ። «ማሰሪያ» ላይ «ሪያ»ን አንድ አድርጎ ማለት ያስፈልጋል። በጭብጨባ ሳየው ይሄዳል። በዝግታ ካሉት ግን ይጎትታል።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ብዙ ልጅ ቀርቷል። አዲስ ነገር አላስተማርኩም። ለነጠላ ሰረዝ የሚሆን ስንኝ በባዶው ክፍል ጻፍኩ፦

ቡና፣ ኮረሪማ፣ ሙዝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣
በነጠላ ለዩት ፍሬውን ከፍሬ።

ይህቺ ቀላል መጣች። ምሳሌው ራሱ ደንቡን ይሠራል፣ ሁሉም እዚሁ ገበያ ላይ ያለ ነው። የማትናገረው ግን አለ፤ መጨረሻው ላይ «እና» ሲገባ ነጠላ ሰረዙ ይቀራል። «ሙዝ እና ቁንዶ በርበሬ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። «እና»ን አስገብቼ ስሞክር ስንኙ ከስድስት አለፈ። ለሰሌዳ ተውኩት።

ኅዳር 16

ድርብ ሰረዝ ከሁሉ ያስቸግራል። ነጠላው ዝርዝርን ይለያል። ድርቡ ሁለት የታሰሩ ዓረፍተ ነገሮችን ጎን ለጎን ያቆማል፤ እያንዳንዱ የራሱ ማሰሪያ አለው፣ ጉዳያቸው ግን አንድ ነው። በአራት ነጥብ ቢለያዩም ስህተት አይደለም። ስለዚህ ደንብ ብቻ ሳይሆን ምርጫም አለበት።

ከታሰሩ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች፣
አጥር ነው ድርቡ ለጎረቤታሞች።

ወደድኳት። ግን «ከታሰሩ» ፊት መጣ፣ «ነው» መሐል ገባ። ግጥም ግሡን እንደፈለገ ያዘዋውራል፤ እኔ ደግሞ ግሥን መጨረሻ ላይ ፈልጉ እያልኩ ነው። ልጆቹ ያምታቱት ይሆን? አላውቅም።

ኅዳር 17

ሦስቱንም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ልማድ ሆኖ ነጠላ ሰረዝ አድርጌበታለሁ፤ የግጥም መጻሕፍት እንዲያ ያደርጋሉ። ከኋላ ወንበር እጅ ወጣ።

«ቲቸር፣ ‹አልታሰረም› ማሰሪያ አይደለም እንዴ?»

ነው።

«ታዲያ ለምን ነጠላ?»

ክፍሉ ሳቀ። ራሱ እንዲያርመው ጠመኔውን ሰጠሁት። «አትቁሙ» ላይ ቆመ፤ ትእዛዝ ያስራል ወይስ አያስርም ብሎ አሰበ። ያስራል። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«መጥቶ» ላይ አትቁሙ፤ ገና አልታሰረም፤
ማሰሪያ ከሌለ አራት ነጥብ የለም።

«ከሌለ» ላይ ምንም አላደረገም። ለምን ስለው ከ አለበት አለ።

ከመዝሙሩ ይልቅ ይህ ሳይሻል አይቀርም። ግጥሙን ያለ ነጥብ ሰጥቶ ነጥቡን ራሳቸው እንዲያስገቡ ማድረግ።

ኅዳር 18

ከሰዓት ዝናብ፣ ሳይጠበቅ። የሰው ቡና ረጠበ።

ቴፒ የምታስተምር ጓደኛዬ ደወለች። ስንኞቹን በስልክ ልኬላት ነበር። ልጆቿ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያዙት፤ በእረፍት ሰዓትም ግቢው ውስጥ ሲሉት ሰማች። ድርሰት ስታስጽፋቸው ግን እንደ በፊቱ ነው። ቃሉን ያውቁታል፣ እጃቸው ላይ የለም። ያለ ነጥብ የመስጠቱን ነገር ነገርኳት። ልትሞክረው ነው።

ሌላም አለች። ከስልኬ የደረሳት አራት ነጥብ ሁለት ሁለት ነጥቦች ጎን ለጎን የተጻፉበት ነው፤ መስመር ሲሞላ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል። አንዷ ልጅ ከዚያ ገልብጣ መስመር መነሻ ላይ ሁለት ነጥብ ብቻዋን አስቀምጣለች። ለካ የስልኩ ሰሌዳ ላይ «።» ለብቻው አለ።

ኅዳር 20

የቡናዋን አንቀጽ ያለ ምልክት መልሼ ሰጠሁ። አሁን በመጀመሪያ ማሰሪያዎቹን ብቻ እንዲያሰምሩ፣ ነጥቡን ከዚያ በኋላ። መጣች፣ አሰጣው፣ መጣ፣ ሮጥን። አብዛኞቹ አገኟቸው። «ለቅማ» ላይ የሚቆም ጥቂት ነው። ከደህናዎቹ የአንዷ፦

እናቴ ቡናውን ለቅማ መጣች፤ አባቴ አልጋው ላይ አሰጣው። ዝናብ መጣ። ላስቲክ፣ ሸራ እና ገመድ ይዘን ሮጥን።

«ዝናብ መጣ» ለብቻው ለምን ቆመ ብዬ ጠየቅኳት። ድንገት ስለመጣ አለች። ይህን እኔ አላስተማርኩም።

አንዱ ደግሞ ከራሱ ጨምሯል፦ «ዝናብ መጣ።» አለች እናቴ። ጥቅሱ ውስጥ አራት ነጥብ፣ መጨረሻ ላይም አራት ነጥብ። በደንባችን «መጣ» ማሰሪያ ነው። ግን የእሷ ንግግር አለቀ እንጂ የእሱ ዓረፍተ ነገር አላለቀም። በመጻሕፍትም ሁለቱንም አጻጻፍ አይቻለሁ። እኔ የውስጡን እተወዋለሁ፤ እሱን ግን ስህተት ነው ማለት አልቻልኩም። አላረምኩትም፣ ጥያቄ ምልክት አደረግኩበት።

ማታ ለትምህርተ ጥቅስ ስንኝ ሞከርኩ። የሚመጣው ሁሉ ወይ ይዋሻል ወይ ሦስት መስመር ማብራሪያ ይፈልጋል። ተውኩት።

ኅዳር 23

ብርድ። የቀሩት ልጆች መመለስ ጀምረዋል፣ ጣታቸው በቡና ጠቁሮ።

ለአዲሶቹ ግጥሙን አላስዘመርኩም። ያለ ነጥብ አባዝቼ ሰጠኋቸው፣ ማሰሪያ ፈልጉ አልኩ። የሰሙት ላልሰሙት እያሳዩ ሠሩ።

ግጥሙ ስድስት መስመር ሆኖ ይቆማል፤ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ። ለእነዚህ ይበቃል፣ ማሰሪያውን መጀመሪያ ካሰመሩ። ትምህርተ ጥቅስ በምሳሌ እንጂ በግጥም አይሰጥም።