የሱቁን ስም ማን እንበለው?

ያለፈው ሰሞን ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ ሊከፍት ነው። ደንበኞቹ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ስም አውጣልኝ» አለኝ። እሱ ያሰበው «ላሊበላ» ነበር።

ላሊበላ፣ አክሱም፣ ሳባና ሉሲ በየአገሩ ተለጥፈው የደበዘዙ ስሞች ናቸው። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሽንኩርት የገዛ ማንም የለም። እዚያው ዋሽንግተን ያለውን «ዱከም» የተባለ ምግብ ቤት እንመልከት። ስሙን ያነበበ የአዲስ አበባ ልጅ ትዝ የሚለው ሐውልት ሳይሆን በደብረ ዘይት መንገድ ዳር ወርዶ የበላው ጥሬ ሥጋ ነው። ስሙ ሰውየው ራሱ ያደረገውን ነገር ይጠራለታል።

ለሱቅ የዚህ አቻ «ጉሊት» መሰለኝ፤ እናቶቻችን ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ በመደብ አድርገው የሚሸጡበት። ሆኖም በላቲን Gulit ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ፊደል ቦታ ቢለዋወጥ guilt፣ ማለትም ጥፋተኝነት፣ ይሆናል። ለወላይታ ልጅ ደግሞ የባሰ እንቅፋት አለው። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. ንጉሥ ጦናን ማርኮ ወላይታን ከያዘ በኋላ አያቶቻችን ለሹምና ለወታደር የገበሩበት ሥርዓት ጉልት ይባል ነበር። ገበያውን ከግብሩ የምትለየው አንዲት «ሊ» ብቻ ናት።

«ታዲያ ለምን አረካ አንለውም?» አለኝ። ሁለታችንም የተወለድነው አረካ ነው። በአማርኛ ጆሮ ግን የከተማችን ስም ግሥ ነው፤ ጥም ቆረጠ፣ አጠገበ እንደ ማለት። ከተማዋን የማያውቅ ደንበኛ የሚያረካ ሱቅ ብሎ ያነባል። Areka የሚለውን ያየ ሕንዳዊ ጎረቤት የሚታኘከውን የአሬካ ፍሬ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከስሙ ሥር የሚሸጠው ነገር በግልጽ መጻፍ አለበት። የወላይታ ልጅ ገብቶ ዳጣና ቡላ ካጣ ደግሞ ስሙ ውሸት ይሆናል።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የወላይታ ሱቅ ነው ብለው ይሸሹኝ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

«ግሡ ይሸፍንሃል» ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ግን አፈርሁ። ላሊበላ የማንም ቃል ጥላ ሳያሻው በአደባባይ ሲሰቀል፣ አረካ ለምን በአማርኛ ግሥ ተሸፍኖ ይግባ? አገር ቤትን እናስታውስ ስንል የማንን ቤት ማለታችን እንደ ሆነ የሚገለጠው እንዲህ ባለው ጥያቄ ነው።

«ስቀለው፤ ትርጉሙን ሲጠይቁህ ግን በመጀመሪያ ከተማዋን ንገራቸው፤ ግሡ ይቀጥላል» አልኩት።