ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ወንበር

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ሰው ሁሉ የሚያማርረው መውጣቱን ነው። እኔን ግን ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ መውረዱ አስቸገረኝ። ከቀኝ ጉልበቴ ሎሚ ሥር እንደ ጠጠር የሚቆረቁር ሕመም ጀመረኝ። ስወጣ እምብዛም አይሰማኝም፤ ስወርድ በየደረጃው ይወጋኛል። ታክሲ ውስጥ ብዙ ተቀምጬ ስነሳም እግሬን መዘርጋት ያቅተኛል።

ዕድሜዬ 58 ነው። ጉልበቴ ከመታመሙ በፊት ሁለት ዓመት ያህል፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰፈራችን ባለው ጂም ክብደት እሠራ ነበር። ምክንያቴ እናቴ ናት። ጉልበቷን ሲያማት "እረፊ" አልናት። ውኃውን አቀረብንላት፣ ምግቧን ወንበሯ ድረስ ወሰድንላት፣ ቡናውንም እኛው አፈላንላት። ፍቅር መስሎን ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ጭኗ ቀጥኖ ያለ ሰው እጅ ከወንበር መነሳት አቃታት። ስለዚህ ጎረቤቶቼ "በዚህ ዕድሜሽ ብረት ማንሳት! ይልቅ እረፊ" ሲሉኝ ቃሉ ራሱ ያስደነግጠኛል።

ያም ሆኖ መጀመሪያ ያደረግኩት ማረፍ ነበር። ሦስት ሳምንት እግር አልሠራሁም። ሕመሙ ቀነሰ፤ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ፤ 30 ኪሎዬን ትከሻዬ ላይ ጭኜ እንደ ድሮው እስከ ታች ድረስ ስኳት ወረድኩ። በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ከነጓዙ መጣ። ለካ እረፍቱ ሕመሙን አስተኛው እንጂ ጉልበቴን ለዚያ ሸክም አላዘጋጀውም ነበር።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነበር። "ቆሞ መሥራቱ ከከበደሽ ተቀምጠሽ ሥሪ" ተባልኩና ተቀምጠው እግር ወደፊት የሚዘረጉበትን ማሽን ያዝኩ። ሰውነት የማይሸከሙበት ስለሆነ ለጉልበት የሚራራ ይመስላል። እግሬን ጨርሼ ልዘረጋ ስል ግን ያው ጠጠር እዚያው ቦታ ቆረቆረኝ።

በመጨረሻ ልጄ ወደ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ወሰደችኝ። ወጣት ነው፤ "ማዘር" እያለ ነው የሚያነጋግረኝ። መጀመሪያ ጉልበቴ አብጦ፣ ሞቆ እንደሆነ ዳሰሰ። መሃል ላይ ተቆልፎ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ይል እንደሆነ፣ ስራመድ ይከዳኝ እንደሆነ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አንዱ እንኳ ቢኖር ኖሮ እንቅስቃሴ ከመቀየሩ በፊት ሐኪም ዘንድ ይልከኝ እንደነበር ነገረኝ። የእኔ ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለ ሕመም ነበር።

ከዚያ ያስረዳኝ ነገር ሁለቱንም ስህተቶቼን ገለጠልኝ። ቆሞ ስኳት ሲሠራ ሎሚው ላይ የሚያርፈው ጫና የሚበረታው ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ነው። ማሽኑ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እግር ታጥፎ ሳለ ጫናው ይቀላል፣ ሊዘረጋ ሲቃረብ ይከብዳል። እኔ ከሁለቱም የሚያመውን ግማሽ መርጬ ስሠራ ከርሜያለሁ! መፍትሔውም ሁለቱን መተው ሳይሆን ከእያንዳንዳቸው የማያመውን ግማሽ መውሰድ ሆነ።

ለስኳቱ የምግብ ጠረጴዛችንን ወንበር ተጠቀምን። ሁለት ብርድ ልብስ አጥፌ ወንበሩ ላይ ደረብኩ፤ መቀመጫው ከፍ አለ። መቀመጫዬን ወደ ኋላ እየገፋሁ እስኪነካ ብቻ እወርዳለሁ፤ ዘጭ ብዬ አልቀመጥም። የትከሻዬን ብረት ትቼ 10 ኪሎ ደረቴ ላይ አቀፍኩ። ከ30 ወደ 10! መጀመሪያ ላይ አፈርኩ። "ጡንቻ ኪሎ አያነብም፣ ማዘር" አለኝ፤ "እሱ የሚያውቀው መድከሙን ነው።" ስለዚህ ሦስት እየቆጠርኩ በዝግታ መውረድ፣ ታች አንድ ቆጥሮ መቆየት፣ ከዚያ መነሳት። ስብስቡን የማቆመው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ መጨመር እንደምችል ሲሰማኝ ነው። በ10 ኪሎ አሥራ አራተኛው ላይ ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳይንቀጠቀጥና ሳይደክም ሃያ ብሠራ ኖሮ ጉልበቴ ያርፍ ነበር፣ ጭኔም እንደ እናቴ ይቀጥን ነበር።

ወደፊት እየረገጥኩ የምሠራው ላንጅም ተገለበጠ። አሁን አንድ እጄን ግድግዳ አስደግፌ ወደ ኋላ እረግጣለሁ። ወደፊት ሲረገጥ የሰውነት ክብደት ተወርውሮ ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ወደ ኋላ ሲረገጥ ግን የፊተኛው ቅልጥም ቀጥ እንዳለ ስለሚቆይ ዳሌ ብዙውን ድርሻ ይወስዳል። ማሽኑንም አልጣልነውም። እግሬ ከታጠፈበት ተነስቼ እስከ ግማሽ ብቻ አነሳለሁ፤ ከዚያ አልፌ አልዘረጋም። አሰልጣኙ ጨምሮልኝ የነበረው ዝላይ ብቻ ሙሉ በሙሉ ቀረ፤ እውነቱን ለመናገር እሱ አልናፈቀኝም።

ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር እየሰጠሁ እንድከታተለው ነገረኝ። ስሠራ እስከ ሦስት ቢደርስ እቀጥላለሁ። ዋናው ፈተና ግን በማግስቱ ነው፤ ለዚህ አራት ፎቅ ደረጃ አለኝ። ጠዋት ስወርድ ሕመሙ ከወትሮው ካልባሰ ያለፈው ሥራ ልክ ነበር ማለት ነው፤ ከባሰ በዝቶብኛል። ልጄ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፋልኝ በየጠዋቱ ቁጥር እጽፍ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ሦስትና ሁለት ይበዛዋል።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ አምስት ተጽፏል። ከጂም በመጣሁ ቀን የልጅ ልጄ አልጋዋ ሳትደርስ ደረጃው ሥር እንቅልፍ ጣላት፤ አዝዬ አራት ፎቅ ወጣሁ። ከዚያ ደግሞ የረሳሁትን ዘንቢል ላመጣ ወርጄ ተመለስኩ። በማግስቱ የባቡር ሐዲድ እንደያዘ ሰው የደረጃውን ብረት ሙጥኝ ብዬ ወረድኩ። የድሮዋ እኔ ብትሆን ሁለት ሳምንት ትተኛ ነበር። ያደረግኩት ግን ቀጣዩን ቀን ከሦስት ስብስብ ወደ ሁለት መቀነስና ሌላ ብርድ ልብስ መደረብ ነው። በሦስተኛው ጠዋት ወረቀቱ ላይ ሁለት ጻፍኩ።

አንደኛውን ብርድ ልብስ ያነሳሁት በስምንተኛው ሳምንት፣ ሁለተኛውን በአራተኛው ወር ነው። አንዴም ቢሆን ከፍታውንና ኪሎውን በአንድ ሳምንት አልቀየርኩም፤ ብቀይር የትኛው እንዳሳመመኝ አላውቅም ነበር። ዛሬ ባዶውን ወንበር 16 ኪሎ አቅፌ እነካለሁ። ደረጃውን ስወርድ አብዛኛውን ጠዋት የምጽፈው ዜሮ ነው። ብረቱን ትከሻዬ ላይ ጭኜ እስከ ታች መውረዱን አልተመለስኩበትም፤ የቡና ዱካ ላይ ብዙ ስቀመጥም ያ ጠጠር አሁንም ራሱን ያስታውሰኛል።

ከወንበሩ የተነሱትን ብርድ ልብሶች ለእናቴ ወሰድኩላት። ወንበሯ ላይ ሁለቱንም ደረብኳቸው። መጀመሪያ ቀን በሁለት እጇ ክንዴን ይዛ ተነሳች። አሁን በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ብቻ ትይዛለች፤ አምስት ጊዜ ትነሳና "በቃ፣ አድክመሽኛል" ትለኛለች።