ወርቅነህ በላቲን ፊደል

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ወደ ትርጉም ቤታችን የመጣው ወጣት ለማስተርስ ወደ ጀርመን ሊያመለክት ነው። ስሙን ልሸሽግለትና ወርቅነህ ገብረማርያም ልበለው። ወረቀቶቹ በአማርኛ አንድ ስም ነው የሚሉት። በእንግሊዝኛው በኩል ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ Workneh G/Mariam፣ ዲግሪው Workineh Gebremariam፣ ፓስፖርቱ ደግሞ Werkneh Gebre Mariam ይላሉ። «ጋሼ፣ የትኛው ነው ልክ?» አለኝ። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው።

ጥቅምት 7

ነገሩን በወረቀት ላይ ዘርዝሬ አሳየሁት። መጀመሪያ «ወ» አለች። ስንጠራት ከንፈራችን ስለሚሾል ድምጿ ወደ «ዎ» ይጠጋል። ስለዚህ በጆሮው የሚጽፍ Wo ይላል፤ የግዕዙን ድምፅ ሁልጊዜ በ e መጻፍ የለመደ ደግሞ We ይላል። ቀጥሎ «ቅ»፦ ላቲን ለዚህ ድምፅ የራሱ ፊደል ስለሌለው አንዱ በ k፣ ሌላው በ q ይተካዋል። ሦስተኛው ሳድሱ ነው። ወርቅነህ ስንል ከ«ቅ» በኋላ አጭር አናባቢ ትሰማለች፤ የሰማት i ይጨምራል፣ ያልቆጠራት ይዘላታል። ሦስት ቦታ ላይ ሁለት ሁለት ምርጫ ማለት ከአንድ ስም ስምንት አጻጻፍ ይወጣል ማለት ነው፤ ከ Workneh እስከ Werqineh። አንዱንም ስሕተት ነው ብሎ የሚያስጥል ሁላችንም የተስማማንበት ሕግ የለም። የአገሪቱ ዋና ከተማ እንኳ Addis Ababa እና Addis Abeba እየተባለ ይጻፋል። ታላቁ ሯጭ ኃይሌም በዓለም መዝገብ የታወቀው Gebrselassie ተብሎ ነው፤ ሌላው የዚያው ስም ባለቤት ግን Gebreselassie ሊል ይችላል።

ጥቅምት 10

የአባቱ ስም የባሰ ነው፤ የሚለያየው በድምፅ ሳይሆን በክፍተትና በሰያፍ መስመር ነው። በእኛ ቢሮዎች ገብረማርያምን «ገ/ማርያም» ብሎ ማሳጠር የቆየ ልማድ ነው፤ ጸሐፊው ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ G/Mariam ይላል። አማርኛ አንባቢ ያጠረውን ስም ወዲያው ይፈታዋል፤ የውጭ አገር መዝጋቢ ግን G የማን ስም እንደሆነ በምን ያውቃል?

የፓስፖርቱ ፎቶ ያለበት ገጽ ግርጌ ላይ በማሽን የሚነበቡ ሁለት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው። ከላይኛው መስመር ለስም የተተወው 39 ቦታ ነው። ስም የሚጻፈው ከ A እስከ Z ባሉ ፊደላት ብቻ ነው፤ ሰያፍ መስመር አይገባም፣ ክፍተትም በ < ይሞላል። ስለዚህ አንድ አባት በማሽኑ ፊት ሁለት ዓይነት ይሆናል፦

```
GEBREMARIAM
GEBRE<MARIAM
```

ሁለተኛውን ያነበበ ሥርዓት ሁለት ስም አድርጎ ይቆጥረዋል። ቪዛውም፣ ትኬቱም፣ እዚያ ሲደርስ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድም ስሙን የሚወስዱት ከዚሁ ፓስፖርት ነው።

ጥቅምት 14

ዛሬ ከእናቱ ጋር መጣ። እሳቸው «ፓስፖርቱ የመንግሥት ነው፤ ዲግሪው በሱ ይስተካከል» የሚል ሐሳብ ይዘው ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚመክረው፤ በፓስፖርቱ ላይ ቪዛ ከተመታ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ከተሰጠበት ወይም የውጭ ባንክ ሒሳብ ከተከፈተበት እኔም እስማማለሁ። ያኔ ሌላው ሁሉ ፓስፖርቱን መከተል አለበት፤ እሱን መንካት በላዩ የተገነባውን ሁሉ ያናጋል።

የዚህ ልጅ ፓስፖርት ግን ገና አንድ ማኅተም አልያዘም። ፓስፖርት ዕድሜው ሲያልቅ ይታደሳል፤ ዲግሪ አይታደስም፣ ዕድሜ ልኩንም በየመሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። ስለዚህ «እትዬ፣ ፓስፖርቱ ወደ ዲግሪው ይምጣ» አልኳቸው። Workineh Gebremariam፣ የአባቱ ስም ያለ ክፍተት። በመጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀቱና ፋይዳው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስም እንዲሁ ይስተካከል፤ ፓስፖርት ለማረም ሲሄድ ማስረጃ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ለእንግሊዝኛ ፈተናው ገና ስላልተመዘገበ አዲሱ ፓስፖርት እስኪወጣ ይቆይ፤ ፈታኞቹ ስሙን ከመታወቂያው ጋር ነው የሚያመሳክሩት። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ውጤት ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ይበቃል።

እኔ በትርጉሙ ላይ ስሙን በራሴ ጆሮ አልጽፍም። ባለጉዳዩ የመረጠውን አጻጻፍ በጽሑፍ ተቀብዬ ፊደል በፊደል እገለብጣለሁ፤ በዋናው ሰነድ ሌላ አጻጻፍ ካለ ያንን በግርጌ እጠቅሳለሁ። ዝም ብሎ ማመሳሰል ሰነዱን ያጠራጥራል።

ጥቅምት 20

ባለፈው ጊዜ እናቱ ሲወጡ ለታናሽ ልጃቸው ምን እንደሚሻል ጠየቁኝ። ለእሳቸው ያልኳቸውን ልጅ ለምታስመዘግቡ ሁሉ እላለሁ፦ የልደት ምስክር ወረቀት ስታወጡ የልጃችሁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በላቲን ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለመዝጋቢው ጆሮ አትተዉት። አታሳጥሩ፣ በሰያፍ መስመር አትክፈሉ፣ ጥምሩን ስም አንድ ላይ ጻፉ። ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊትም መዝጋቢው ፊት ፊደል በፊደል አንብቡት።